ሰው ሞልቶ ገዢ የጠፋበት ገጽ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ልደታ አካባቢ በትንሽ ወርክሾፕ የቆዳ ቦርሳ እየሠራሁ እሸጣለሁ። ባለፈው ወር ቡናማዋን የትከሻ ቦርሳ በእጄ ስሰፋ የሚያሳይ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ለቀቅኩ፤ ከ200,000 በላይ ሰው አየው። ቦርሳዎቹን ወደምሸጥበት ገጽ በወሩ 6,760 ሰው ገባ፤ በገጹ የገዛው ግን 31 ሰው ብቻ ነው። ቪዲዮው ከመውጣቱ በፊት በነበረው ወር 410 ሰው ገብቶ 14 ገዝቶ ነበር። ደውለው የገዙ 12 ሰዎችም አሉ፣ እነሱን አልቆጠርኳቸውም። ሊንኮቹንና የገጹን ጎብኚ የሚቆጥረውን ጉግል አናሊቲክስ ያስተካከለልኝ የእህቴ ልጅ «ኮንቨርዥን ሬትሽ ከ3.4 ወደ 0.46 ወርዷል፤ ገጹ አይሸጥም፣ እንደ አዲስ ይሠራ» ይለኛል። አንዱ ቦርሳ 4,800 ብር ነው፤ ወጪው ሁሉ ተቀንሶ 1,500 ብር ይተርፈኛል። በእጄ ያለው 15,000 ብር ነው። ለአዲስ ገጽ ላውጣው ወይስ ለማስታወቂያ? ቁጥሮቹን አያይዤ ልኬያለሁ።
ቦርሳ ሰፊዋ፣ ከልደታ

እህቴ፣ 15,000 ብሩን ለጊዜው ከባንክ አታንቀሳቅሺው። የእህትሽ ልጅ ሒሳቡን በትክክል ሠርቷል፤ ከሒሳቡ ያወጣው ፍርድ ግን አላሳመነኝም።

ኮንቨርዥን ሬት የሚባለው ወደ ገጹ ከገባው መቶ ሰው ውስጥ አንቺ የምትፈልጊውን ነገር ያደረገው ስንቱ እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ነው። ለአንዱ የሚፈለገው ነገር ስልክ ቁጥር መተው ነው፣ ለሌላው መመዝገብ ነው፤ ላንቺ መግዛት ነው። ስለዚህ የገዛውን በገባው ታካፍይና በመቶ ታባዢዋለሽ፦

```
14 ÷ 410 × 100 = 3.4%
31 ÷ 6,760 × 100 = 0.46%
```

አሁን የመጨረሻውን ቁጥር ለአፍታ ተይውና የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብቻ እዪ። ገዢሽ ከ14 ወደ 31 አድጓል፤ ከእጥፍ በላይ ሸጠሻል። የገባው ሰው ግን ከ16 እጥፍ በላይ ስለጨመረ ክፍልፋዩ አነሰ። ገጹ በሁለቱም ወር ያው ገጽ ነው፤ አንዲት ፊደል አልተቀየረበትም። የተቀየረው ደጃፍሽ ላይ የቆመው ሰው ነው።

ሐምሌ ላይ መርካቶ ሄደሽ ታውቂያለሽ። ዝናቡ ድንገት ሲወርድ አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ሠላሳ ሰው ይጠለላል። ከሠላሳው አንዱ ዓይኑን ወደ ውስጥ ጣል አድርጎ ጃንጥላ ይገዛ ይሆናል፤ የቀረው ዝናቡ ሲያባራ መንገዱን ይቀጥላል። ባለሱቁ «ከሠላሳ ሰው አንድ ብቻ ገዛኝ» ብሎ ሱቁን አያፈርስም። ወደ ሱቁ የመጣውንና ከዝናብ የሸሸውን ለይቶ ያውቃላ። አንቺም መጀመሪያ መለየት ያለብሽ ይህንኑ ነው፤ ደግነቱ የእህትሽ ልጅ ሊንኮቹን ምልክት አድርጎባቸዋል። ለዚህች ሥራው ቡና ጋብዢው፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያደርግ ነው ገንዘቡን የሚረጨው። ምልክቱ ከሊንኩ መጨረሻ ላይ ይቀጠላል፤ ይህን ይመስላል፦

```
?utm_source=tiktok&utm_medium=social
?utm_source=telegram&utm_medium=social
```

ይህ ጭራ ባይኖር ኖሮ ከቴሌግራም የመጣው ሰው አብዛኛው አናሊቲክሱ ላይ `(direct) / (none)`፣ ማለትም ምንጩ ያልታወቀ ተብሎ ይቀመጥ ነበር፤ አፖች ሰውን ከየት እንዳመጡት ብዙ ጊዜ ለገጹ አይናገሩምና። አሁን ግን በምንጭ ከፋፍለን ማየት እንችላለን። ከቲክቶክ 6,200 ሰው ገብቶ 17 ገዛ፤ 0.27 በመቶ መሆኑ ነው። ከቴሌግራም ቻናልሽ 240 ሰው ገብቶ 11 ገዛ፤ 4.6 በመቶ። ከሌላ ከሌላ ቦታ 320 ገብቶ 3 ገዛ። «0.46» ያልነው ቁጥር የእነዚህ ቅልቅል ነው፤ በእውኑ ዓለም 0.46 የሚባል ደንበኛ የለሽም። የቴሌግራሞቹ ያንኑ ገጽ ከፍተው፣ ያንኑ ፎቶ አይተው ከመቶ አምስት ያህሉ ገዝተዋል። ስለዚህ «ገጹ አይሸጥም» የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ያበቃል። ለሚያውቁሽ ሰዎች ይሸጣል፤ ጥያቄው ለማያውቁሽ ለምን አልሸጠም ነው።

ቪዲዮሽን አየሁት። መርፌው ሰም በተቀባ ክር ቆዳውን ሲወጋ የሚሰማው ድምፅ ብቻውን ሰው ያስቀምጣል። ችግሩም ከዚያው ይጀምራል፤ ሰው የወደደው መስፋትሽን ነው። ከኮሜንቶቹ መሀል «እጅሽ ይባረክ» የሚለውና የት ተማርሽ፣ ክሩ ምንድነው ብሎ የሚጠይቀው ዋጋ ከጠየቀው ይበልጣል። ይህ ሰው ፕሮፋይልሽን ከፍቶ ሊንኩን የነካው ሌላም የሚታይ ነገር ይኖራል ብሎ ነው። ቦርሳ ፈልጎ ከቤቱ አልወጣም፤ ማታ አልጋው ላይ ተጋድሞ ስልኩን ሲያገላብጥ አንቺ ጋ ደረሰ። ጥሩ ቪዲዮ ጥሩ ተመልካች ያመጣል፤ ተመልካች ሁሉ ግን ገዢ አይደለም። በዚህ አትበሳጪ፤ ዝም ብለሽ ከሒሳቡ ቀንሺው።

ቀንሺው ስል በቁጥር ነው። የአገር ዝርዝሩን ስከፍት ከ6,200ው ውስጥ ኢትዮጵያ ሆኖ የሚታየው 3,300 ያህል ነው። የቀረው 2,900 ከሳውዲ፣ ከኤምሬትስ፣ ከአሜሪካ፣ ከሌላም ሌላም ነው። ገጽሽ ደግሞ «የምናደርሰው አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ ነው» ይላል፤ ያውም ከታች በትንሽ ፊደል። እንግዲህ 2,900 ሰው ቢፈልግም መግዛት አይችልም ነበር። አንድ ነገር ልብ በዪ፤ ይህ ዝርዝር ሚዛን ላይ እንደተቀመጠ ወርቅ ትክክል አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቲክቶክና ቴሌግራም እዚህ አገር ተዘግተው ሳለ ቪፒኤን የለመደ ሰው ብዙ ነው፤ ዛሬም ሳያጠፋው የሚቀመጥ አለ፤ ልደታ ቁጭ ብሎ ጀርመን ሆኖ ይታያል። እንዲያም ሆኖ ለግምት ይበቃል። የከተማውን ዝርዝር ግን ጨርሶ አትመኚው፤ በሞባይል ዳታ የሚገባ ሰው ሐዋሳ ሆኖ አዲስ አበባ ሊባል ይችላል።

ስለዚህ አገር ውስጥ ካሉት መሀል ስንት ገዙ ብንል፣ 17 ለ3,300 ነው፤ 0.5 በመቶ። ከቲክቶኩ 0.27 ወደ እጥፍ ተጠጋ፤ ገጹ ላይ ምንም ሳንነካ። ለዚህ ነው ሰው «ኮንቨርዥን ሬቴ ይህን ያህል ነው» ሲለኝ መጀመሪያ «ከማን ውስጥ?» ብዬ የምጠይቀው። (ስለ ውጭዎቹ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ፦ ከሪያድ ሆና ቪዲዮሽን ያየች ልጅ አዲስ አበባ ላለች እህቷ ስጦታ መላክ ትፈልግ ይሆናል። ለእሷ ግን ይህ ገጽ አይሆናትም። ከውጭ እንዴት እንደሚከፈል፣ ስጦታው ለማን እንደሚደርስና መድረሱን በምን እንደምታውቅ የሚናገር የራሷ ገጽ ያስፈልጋታል። ያ የሌላ ቀን ሥራ ነው።)

አሁን ወደ 3,300ው እንመለስ። ሰው ከደጅ እስከ ክፍያ የሚያልፍባቸው ደረጃዎች አሉ፤ በየደረጃው ስንት እንደቀረ ከላክሽልኝ ውስጥ አውጥቻለሁ። ገጹን ከከፈተው 3,300 ሰው ውስጥ ዋጋው ተጽፎ ያለበት ቦታ ድረስ የወረደው 1,020 ነው። «ይዘዙ» የሚለውን የነካ 164። ስሙንና ስልኩን ሞልቶ ክፍያው ጋ የደረሰ 58። የከፈለ 17።

ጀማሪ ሰው ይህን ሲያይ ዓይኑ የሚያርፈው ከላይ ነው፤ 2,280 ሰው ዋጋውን እንኳ ሳያይ ወጥቷልና። ለዚህም ነው የእህትሽ ልጅ አዲስ ገጽ ይሠራ ያለው። እኔ ግን ከታች እጀምራለሁ። ከላይ የወጡት በአብዛኛው ከዝናብ የሸሹት ናቸው። ከታች ያሉት 41 ሰዎች ግን ቦርሳውን መርጠው፣ 4,800 ብር መሆኑን አይተው፣ ስማቸውንና ስልካቸውን ጽፈው፣ ከኪሳቸው ሊያወጡ ሲሉ የቀሩ ናቸው። ለእነዚህ ስለ ቦርሳው ውበት የምትነግሪያቸው ነገር የለም። የሆነ ነገር አስቁሟቸዋል።

ያ ምን እንደሆነ ለማወቅ ትናንት ማታ አሮጌውን ርካሽ አንድሮይድ ስልኬን አንሥቼ ከቲክቶክ ፕሮፋይልሽ ጀምሬ ለመግዛት ሞከርኩ። ከኮምፒውተር አይደለም፣ ክሮም ላይ አድራሻውን ጽፌም አይደለም፤ ደንበኛው በመጣበት መንገድ ነው። ቲክቶክ ሊንክ ሲነካ ገጹን እዚያው በሆዱ ውስጥ ይከፍተዋል። ፎርሙን ሞላሁ። ቀጥሎ የመጣው ገጽ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና የቴሌብር ቁጥር አሳየኝና «ከከፈሉ በኋላ የደረሰኙን ስክሪንሾት እዚህ ያስገቡ» አለኝ። ወጣሁና ቴሌብርን ከፈትኩ። ስመለስ ቲክቶክ እንደ አዲስ ተነሥቶ ሌላ ቪዲዮ እያጫወተልኝ ነው። ገጹ የለም፣ የሞላሁትም የለም። የማስታወሻ አቅሟ ትንሽ የሆነች ስልክ ከአፕ ወደ አፕ ሲኬድባት ከኋላ የቀረውን ትዘጋዋለች፤ ይኸው ነው የሆነው። ከፍዬ ቢሆን ኖሮ ስክሪንሾቱን የማስገባበት ቦታ አጥቼ ልቤ ድው ይል ነበር።

ይህ በእኔ ስልክ ብቻ የሆነ ነው እንዳትዪ፣ ከአናሊቲክሱ አረጋግጫለሁ። `Tech details` በሚለው ክፍል ውስጥ ብራውዘሮቹ ተዘርዝረዋል፤ `Android Webview` እና `Safari (in-app)` የሚሉት በአፕ ሆድ ውስጥ የተከፈቱት ናቸው። ክፍያው ጋ ከደረሱት 58 ሰዎች ውስጥ በእነዚህ የገቡት 51 ሲሆኑ የከፈሉት 11 ብቻ ናቸው። በተራ ብራውዘር የገቡት 7 ነበሩ፤ 6ቱ ከፈሉ። ልዩነቱ ሁሉ የብራውዘሩ ነው አልልም። አድራሻውን ቀድቶ ክሮም ላይ እስከ መክፈት የደከመ ሰው ቀድሞውንም የቆረጠ ገዢ ነው። ግን 11 ከ51ና 6 ከ7 ተብሎ ሲቀመጥ፣ እኔም በእጄ ሞክሬ መውደቄ ሲጨመርበት፣ ሌላ ምክንያት ከመፈለግ ይህን መጠገን ይቀድማል። ሌሎች ገጾች ላይ ደግሞ «በጉግል ይግቡ» የሚል ቁልፍ ያስቀምጣሉ፤ ጉግል ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በአፕ ውስጥ በተከፈተ ብራውዘር መግባትን ስለከለከለ ደንበኛው `disallowed_useragent` የሚል ለሰው የማይገባ ነገር ያነብና ይወጣል። ያንቺ ላይ ይህ የለም፤ ወደፊትም አይኑር።

መፍትሔው ትዕዛዙን ከክፍያው መለየት ነው። ደንበኛዋ ስምና ስልክ ሞልታ «ይዘዙ» ስትል ነገሩ እዚያው ይለቅ፤ «ትዕዛዝዎ ደርሶናል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንደውላለን» የሚል ይምጣላት። ክፍያው ስልክ ላይ ይጠናቀቃል። ሌላ አፕ የለ፣ ስክሪንሾት የለ። ለዚህ አዲስ ገጽ አያስፈልግም፤ ያለውን ፎርም ማሳጠር ለእህትሽ ልጅ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እግረ መንገዱን ፎርሙ በ07 የሚጀምር ስልክ መቀበሉን ይይልሽ። ይህን የምልሽ ስለተቃጠልኩበት ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ከጀመረ በኋላ ለአንድ ማሠልጠኛ ተቋም የምዝገባ ገጽ ሠርቼ ነበር። ምዝገባው ቀነሰ ሲሉኝ ርዕሱን ቀየርኩ፣ ፎቶውን ቀየርኩ፣ ቀለሙን ቀየርኩ፤ ሁለት ወር ለፋሁ። በኋላ አንዲት ልጅ ደውላ «ስልኬን አልቀበልም ይለኛል» ብትለኝ ለካስ እኔው ራሴ ፎርሙን በ09 የሚጀምር ብቻ እንዲቀበል አድርጌው ኖሯል። ያን ቀን ያፈርኩትን እስካሁን አልረሳሁትም።

ከፎርሙ ቀጥሎ ያለው የእምነት ነገር ነው፤ ይህኛው በኮድ አይጠገንም። የቴሌግራሞቹ ሁለት ዓመት ሙሉ ቆዳ ስትመርጪ፣ ለደንበኛ ስታስረክቢ አይተውሻል። የቲክቶኳ ልጅ ያወቀችሽ ከሃያ ደቂቃ በፊት ነው፤ አንቺ ደግሞ በግለሰብ ስም በተከፈተ ሒሳብ 4,800 ብር ቀድማ እንድትልክ ትጠይቂያታለሽ። እኔም አልልክም። አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ ከሆነ የምታደርሺው ሲደርስ ይከፈል በዪ። ሰው አዝዞ እምቢ ይላል ብለሽ እንደምትፈሪ አውቃለሁ፤ ይላልም። ግን ፍርሃቱን በብር እንለካው። አሥር ሰው አዝዞ ሁለቱ በር ላይ እምቢ ቢሉና ሞተረኛው ደርሶ መልስ 300 ብር ቢያስከፍልሽ ኪሳራሽ 600 ብር ነው። ስምንቱ ሲከፍሉ 12,000 ይተርፍሻል፤ ተቀንሶ 11,400። አሁን ባለው መንገድ ክፍያው ጋ ከደረሱ አሥር ሰዎች ሦስት ያህሉ ብቻ ናቸው የሚከፍሉት፤ 4,500 ብር ነው የሚያስገኝልሽ። እምቢ የሚሉት አምስት ቢደርሱ እንኳ 6,000 ይሆናል፤ አሁንም ትበልጫለሽ። ካልተዋጠልሽ 500 ብር ቀብድ ጠይቂ፤ ግን በስልክ አነጋግረሻት፣ ድምፅሽን ከሰማች በኋላ ይሁን። ገጹ ላይም ወርክሾፑ የት እንዳለ ጻፊ። ሰው ባይመጣም ሊመጣ እንደሚችል ማወቁ ያረጋጋዋል።

ወደ ላይኛው ደረጃ አሁን ልምጣ፤ ባጭሩ። ቪዲዮው ላይ ያየችው ቡናማዋን የትከሻ ቦርሳ ነው። ገጹን ስትከፍት የሚቀበላት «እንኳን ወደ ድረ ገጻችን በደህና መጡ» የሚል ጽሑፍና ስለ ድርጅቱ አመሠራረት ሦስት አንቀጽ ነው። ቦርሳዋ ዘጠነኛ ላይ ናት። ያየችውን ካጣች በምን ትቆይ? ከቲክቶክ ለሚመጣው ሰው መጀመሪያ የምትታየው ያቺው ቡናማ ቦርሳ ትሁን፤ ከተቻለ ከቪዲዮው ላይ በተወሰደ ፎቶ፣ ከሥሯ ዋጋው፣ ከዋጋው ሥር የምናደርሰው የት እንደሆነና ማዘዣው። ፎቶዎቹ ደግሞ ከስልክ እንደወጡ ነው የተጫኑት፤ አንዱ አራት አምስት ሜጋባይት፣ አሥራ ሁለት ናቸው። ይህ 50 ሜጋባይት ያህል የሰው ዳታ ነው፤ ካርድ ሞልቶ የገባ ሰው እስኪከፈት አይጠብቅም። ጎናቸው ወደ 1,200 ፒክስል ወርዶ ቢቀመጡ እያንዳንዳቸው ከ200 ኪሎባይት ብዙም አይበልጡም፤ ስልክ ላይ ልዩነቱን ዓይን አይለየውም።

ዋጋን «ኢንቦክስ» ማለትንም ተዪ። ቪዲዮው ላይ 4,800 ብር ብለሽ ጻፊበት። ሊንኩን የሚነካው ሰው ይቀንሳል፤ ሬቱ ይጨምራል፤ የገዢው ቁጥር ግን እንዳለ ሊቀር ይችላል። ያን ጊዜ «ሬቴ አደገ» ብለሽ እልል አትበዪ፤ ያደረግሽው በረንዳውን ጠበብ ማድረግ ነው። ጥቅሙ ሌላ ነው፦ «ስንት ነው?» ለሚል ሁለት መቶ መልእክት ስትመልሺ የምታጠፊውን ቀን ለስፌት ታውይዋለሽ።

አሁን ስለ 12ቱ ደዋዮች። እነሱን አለመቁጠርሽ ትክክል አይደለም። በአንድ በኩል የወሩ ገዢ 31 ሳይሆን 43 ነው። በሌላ በኩል ከየት እንደመጡ አላወቅሽም፤ ሁሉም ከቲክቶክ ከሆኑ የቲክቶክ 17 ወደ 29 ይዘላል፣ ታሪኩም ይለወጣል። እዚህ አገር ሰው ገጹን አይቶ ደውሎ መግዛት ይወዳል፤ አናሊቲክስ ደግሞ ስልክ አይሰማም። ቀላሉ መንገድ ሌላ ሲም አውጥተሽ ያንን ቁጥር ለቲክቶክ በሚከፈተው ገጽ ላይ ብቻ ማድረግ ነው። በዚያ የደወለ ሁሉ የቲክቶክ ነው፤ «የት አዩን?» ብሎ ማድረቅ የለም። ደመወዝ እስኪወጣ ጠብቆ ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚደውለውም በዚሁ ይያዝልሻል።

አንድ ነገር ደግሞ የእህትሽ ልጅ ሳይጠይቅሽ አይቀርም፦ ሁለት ገጽ ሠርተን እናወዳድር የሚል። ያንቺ ቁጥር ለዚህ አይበቃም። 0.5 በመቶ የነበረው 0.6 መሆኑን ከአጋጣሚ ለይቶ ለማወቅ ለእያንዳንዱ ገጽ ከ80,000 በላይ ጎብኚ ይፈልጋል። 17 ሽያጭ ራሱ፣ ምንም ሳትነኪ፣ በሚቀጥለው ወር በተመሳሳይ ሰው ብዛት 12 ወይም 23 ሊሆን ይችላል፤ ዕድል ብቻውን ይህን ያደርጋል። ስለዚህ 20 ሲሆን አትደሰቺ፣ 14 ሲሆንም አትደንግጪ። እንዲህ ያነሰ ቁጥር የያዘ ሰው ከሒሳብ ይልቅ ከሰው ይማራል፤ አንቺ ደግሞ የ41 ሰው ስልክ በእጅሽ አለ።

እነዚህን ደውይላቸው። እንዳትሸጪላቸው። «ቦርሳ አዝዘው ነበር፣ ክፍያው ላይ ችግር ገጠመዎት ወይ?» በዪና ዝም በዪ። አሥራ አምስቱን ካነጋገርሽ ይበቃል። ገጹ ጠፋብኝ ያለውንም፣ ፈራሁ ያለውንም፣ ሌላ ቦታ ገዛሁ ያለውንም በየረድፉ ጻፊ። አብዛኛው «ፈራሁ» ካለ የፎርሙ ጥገና ብቻውን አያድንሽም፤ ሲደርስ መክፈልን ቶሎ ጀምሪ። «ጠፋብኝ» የሚለው ከበዛ ደግሞ እዚያው ስልኩ ላይ የሚያዝዝሽ ሰው አታጪም።

ስለ ማስታወቂያው የጠየቅሽኝን የሚመልስልሽ ይኸው ኮንቨርዥን ሬት ነው፤ ጥቅሙ ከሁሉ በላይ እዚህ ላይ ነው። ከአንድ ቦርሳ 1,500 ብር የሚተርፍሽ ከሆነና ከ3,300 ሰው 17 ከገዛ፣ አንድ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ጎብኚ በአማካይ 7.70 ብር ያህል ያመጣልሻል። ስለዚህ አንድን ጎብኚ ገጹ ላይ ለማድረስ ማስታወቂያው ከዚያ በላይ ካስወጣሽ እየሸጥሽ ትከስሪያለሽ። ፎርሙንና አከፋፈሉን አስተካክለሽ ከዚያው ከ3,300 ሰው 30 ቢገዛ ያው ጎብኚ 13.60 ብር ያመጣል፤ ትናንት የማያዋጣው ማስታወቂያ ነገ ሊያዋጣ ይችላል ማለት ነው። ፌስቡክ ላይ ካስተዋወቅሽ `Link clicks` የሚለውን አትዪ፣ `Landing page views` የሚለውን እዪ፤ የመጀመሪያው የነካውን ሁሉ ይቆጥራል፣ ሁለተኛው ገጹ የተከፈተለትን ነው። በሁለቱ መሀል ሰፊ ክፍተት ካየሽ ፎቶዎቹ አሁንም ከብደዋል።

እንግዲህ መጀመሪያ ደውይ፣ ቀጥሎ ፎርሙን አሳጥሪ፣ አንድ ወር ጠብቂና ያን ማካፈል ድገሚው። ከ15,000ው 2,000 ብቻ አውጥተሽ፣ አዲስ አበባ ላይ ብቻ እንዲታይ አድርገሽ ሞክሪ። የጎብኚው ዋጋ ከዚያ ወር ቁጥርሽ በታች ከሆነ ቀሪውን ጨምሪበት፤ በላይ ከሆነ 13,000ው ቆዳ ይገዛል።